«እኛ ዴሞክራት ነን አይደል?»፦ ልጅ የፓርቲ ስም ከየት ያመጣል?

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። በቀደም የ13 ዓመት ልጄ እራት ላይ ‹አባዬ፣ እኛ ዴሞክራት ነን አይደል?› አለችኝ። ደነገጥኩ። እኔና እናቷ ቤት ውስጥ ስለ ፓርቲ አውርተን አናውቅም። ዜግነት ካገኘሁ ወዲህም የመረጥኩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ይህን ከየት አመጣችው? ከትምህርት ቤት ነው ከስልኳ? ደግሞስ በዚህ ዕድሜ የተያዘ ነገር ዕድሜ ልክ ይቆያል ወይስ ያልፋል?»

ምላሽ፦

መጀመሪያ ልጅዎ የተጠቀመችበትን ቃል ልብ ይበሉልኝ። «ዴሞክራቶች ጥሩ ናቸው» አላለችም። ስለ ግብርም ሆነ ስለ ኢሚግሬሽን ምንም አላነሳችም። ያለችው «እኛ» ነው። እኛ ሐበሻ ነን፣ እኛ አርሴናል ነን ሲባል ያለውን «እኛ» ማለቴ ነው።

የመልሱ ግማሽ እዚያ ውስጥ አለ። ልጅ ቀድሞ የሚይዘው ስሙን ነው። ሐሳቡ ኋላ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ዘንድ ጭራሹንም አይደርስ። ፍሬድ ግሪንስታይን የሚባል የፖለቲካ ሳይንስ ሊቅ በ1958 ኒው ሄቨን ከተማ ውስጥ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ጠይቆ ነበር። (ቀኖቹንም ዓመቶቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።) የ4ኛ ክፍሎቹ ገና ዘጠኝና አሥር ዓመታቸው ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ወይ ሪፐብሊካን ወይ ዴሞክራት መሆናቸውን ነገሩት። ሁለቱ በምን ይለያያሉ ሲላቸው ግን መልስ ያለው ልጅ ማግኘት ከባድ ነበር። ስሙ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው።

እንግዲህ ይህ ስም ከወላጅ ይመጣል የሚለውን እንዴት እናውቃለን? ቀላሉ መንገድ ሰዎችን «አባትህ የየትኛው ፓርቲ ሰው ነበሩ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ብዙዎቹ የጥንት ጥናቶችም እንደዚያ ነው ያደረጉት። ችግሩ ሰው የራሱን አቋም ወስዶ ለአባቱ ማልበሱ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ለአንድ ጥናት ቤት ለቤት እየዞርኩ መጠይቅ አስሞላ ነበር። አንድ ጎረምሳ ሳሎን ቁጭ ብሎ «አባቴም እንደኔው ነው» ብሎ በሙሉ ልብ ነገረኝ። አባትየውን ጓሮ ወስጄ ብቻቸውን ስጠይቃቸው ተቃራኒውን ነገሩኝ። ደግሞ በሹክሹክታ። ልጁን ብቻ ጠይቄ ብሄድ ኖሮ «ተወርሷል» ብዬ እመዘግብ ነበር።

ለዚህ ነው የ1965ቱ ጥናት እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው። ኬንት ጄኒንግስ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተነስቶ በመላ አሜሪካ ከ97 ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 1,669 የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን አነጋገረ። ወላጆቻቸውንም ለብቻቸው አነጋገረ። ልጁ ስለ አባቱ ምን እንደሚያስብ ሳይሆን አባትየው ራሱ ምን እንደሚል ተመዘገበ። ከሪቻርድ ኒሚ ጋር ሆነው ሁለቱን መልሶች ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። ከዚያም እነዚያኑ ልጆች በ1973፣ በ1982 እና በ1997 እየፈለጉ እንደገና ጠየቋቸው። የ17 ዓመት ጎረምሳ የነበረው ሃምሳ ዓመት ሊደፍን ሲል ማለት ነው።

ምን አገኙ? ወላጆቻቸው ዴሞክራት ከሆኑት ልጆች ከመቶ 66ቱ እነሱም ዴሞክራት ነን አሉ። 27ቱ የየትኛውም አይደለንም አሉ። ወደ ሪፐብሊካን የተሻገሩት 7 ብቻ ናቸው። የሪፐብሊካን ልጆች ትንሽ ላላ ይላሉ፦ 51 እዚያው ቀሩ፣ 36 ገለልተኛ ሆኑ፣ 13 ተሻገሩ። ከዚህ ውስጥ እኔ የማተኩረው መሻገሩ ላይ ነው። ከወላጁ ፓርቲ የሚወጣ ልጅ ብዙ ነው። ወደ ተቃራኒው ዘሎ የሚገባ ግን ጥቂት ነው። አብዛኛው መሃል መንገድ ላይ ይቆማል።

አሁን የሚገርመው ይመጣል። ከፓርቲው ስም ሌላ ስለ ጉዳዮችም ጠይቀዋቸው ነበር። የወላጅና የልጅ መመሳሰል የሚለካው ከዜሮ እስከ አንድ ባለ ልኬት ነው፤ ዜሮ ምንም አይመሳሰሉም ማለት ነው፣ አንድ ደግሞ ፍጹም ተመሳሳይ። በፓርቲ ስም 0.47 ሆነ። በትምህርት ቤት ጸሎት ይደረግ ወይስ አይደረግ በሚለው 0.29 ላይ ወረደ። ኮሚኒስት ከተመረጠ ሥልጣን ይያዝ ወይ የሚለው 0.13 ነው። ሃይማኖትን የሚነቅፍ ሰው በአደባባይ ይናገር ወይ በሚለው ደግሞ 0.05፤ ያው ባዳ ከባዳ ጋር እንደማስተያየት ነው። እነዚያ ወላጆች ልጆቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ይወስዱ ነበር፤ ስለ ሃይማኖት ያወሩ ነበር። ሆኖም ከነሱ ወደ ልጆቹ በደንብ የተሻገረው የፓርቲው ስም ነው።

ምክንያቱ ብዙም አያስቸግርም። ስም አንድ ቃል ነው። በየምርጫው ተመልሶ ይመጣል። ሰውዬው ቲቪ ላይ ብቅ ሲል እናት ፈገግ ትላለች ወይ ትንፍሽ ብላ ድምፁን ትቀንሳለች። ልጅ ይህን ለማንበብ ፖለቲካ ማወቅ አይጠበቅበትም። ስለ ንግግር ነፃነት ያላችሁን አቋም ግን ልጅ በምን ያነባል? ዓመት ሙሉ አንዴም ላይነሳ ይችላል።

ወደ እርስዎ ቤት እንመለስ። «አውርተን አናውቅም» ብለዋል። አምንዎታለሁ። ግን አለማውራትም ይነበባል። እኔ ያደግኩት በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ነው። አባቴ ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን ሲከፍት ሬዲዮውን ከጆሮው ጋር ያጣብቅ ነበር። እኔን «እስቲ በሩን እይ» ይለኛል። በሩ መዘጋቱን እያወቀ። ሬዲዮው የሚለውን አልሰማም፤ ብሰማም አይገባኝም። ግን በዚያች በር የማየት ሥራ ውስጥ መንግሥት ማለት ምን እንደሆነ፣ እኛ ደግሞ ከየትኛው ወገን እንደሆንን ተምሬያለሁ። ማንም አላስተማረኝም። «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» የሚለው ተረት ራሱ ያስተምራል። የብዙዎቻችን ወላጆች አንዱ ወንድም ኢሕአፓ ሌላው መኢሶን ሆኖ የተበተነ ቤት አይተዋል። ዝምታው ከዚያ የመጣ ነው።

ልጅዎ ግን የሚያነበው ሌላ ነገር ነው። ኢሕአፓና መኢሶን ለእሷ ባዶ ድምፅ ናቸው። እሷ የምታየው ስለ ኢሚግሬሽን ዜና ሲመጣ እናቷ ወጥ ማማሰሏን ትታ ወደ ሳሎን ብቅ ማለቷን ነው። አጎቷ ስለ ኦባማ ሲያወራ ድምፁ መለወጡን ነው። ጎረቤት ደጅ ላይ የተተከለውን የምርጫ ሰሌዳ ነው። «እንደኛ ያሉ ሰዎች የት ናቸው?» ብላ ትጠይቅና የተገኙበትን ስም ትወስዳለች። ፓርቲ ለልጅ የፖሊሲ ዝርዝር አይደለም፤ የሰዎች ሥዕል ነው። እነዚያ እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፣ እነዚህ እንዲህ ያሉ፣ እኛ እነዚህን እንመስላለን። አዋቂውም ቢሆን ከዚህ ብዙ የራቀ አይመስለኝም።

ይህ ንባብ ታዲያ ይሳሳታል። በ2015 የወጣ የክሪስቶፈር ኦጄዳና የፒተር ሃተሚ ጥናት እንዳሳየው ከአሜሪካ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የወላጃቸውን ፓርቲ ወይ በትክክል አያውቁትም ወይ አውቀው አይቀበሉትም። አውቆ አለመቀበልና በስህተት መቀበል ከውጭ ሲታዩ ይምታታሉ። የሪፐብሊካን ልጅ ዴሞክራት ከሆነ አመፀ እንላለን። ምናልባት ግን አባቱን የታዘዘ መስሎት ይሆናል። ስለዚህ «ከእኔ ወረሰች» ወይም «ከእኔ ተለየች» ከማለት በፊት፣ እርስዎን ማን ብላ እንዳሰበች መጠየቅ ይሻላል። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ትምህርት ቤቱስ? ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መምህሩን ነው። ማስረጃው ግን መምህሩን አይከስም። ከዚያው ከ1965ቱ ጥናት ኬኔት ላንግተንና ጄኒንግስ በ1968 ያወጡት ውጤት ብዙ ሰው አስደንግጧል፦ የሲቪክስ ትምህርት የወሰዱና ያልወሰዱ ነጭ ተማሪዎች በፖለቲካ ዕውቀትም ሆነ በፍላጎት ልዩነታቸው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። ጥቁር ተማሪዎች ላይ ግን ትምህርቱ በግልጽ የሚታይ ለውጥ ነበረው። ማብራሪያቸው ቀላል ነው። ለነጩ ልጅ መጽሐፉ የሚለው ነገር ቤት የሰማው ነው፤ ድግግሞሽ ነው። ለጥቁሩ ልጅ አዲስ ነበር።

የስደተኛ ልጅ ከሁለቱ የትኛውን ትመስላለች? በዚህ ነገር ሁለተኛውን። ስለ ኮንግረስ፣ ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን ስለሚለዩበት ፕራይመሪ፣ ስለ ካውንቲ ካውንስል እርስዎ ሊነግሯት የሚችሉት ትንሽ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤት ለእሷ የበለጠ ይመዝናል። ግን የሚሰጣት ፓርቲ አይደለም፤ ቃላት ናቸው። «ዴሞክራት» የሚለውን ስም የምትሰቅልበት መስቀያ ይሰጣታል። ከመምህሩ ይልቅ ደግሞ የምሳ ጠረጴዛው ይበረታል። ሰፈሩ አብዛኛው አንድ ፓርቲ የሚመርጥ ከሆነ፣ እንደ እናንተው ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ልጅ ሌላኛውን ስም ከጓደኛ አፍ ስትሰማ የምትሰማው በስድብ መልክ ነው።

ሌላም አለ፤ ይሄኛው በጣም ደስ የሚለኝ ነው። በ1994 ሳን ሆዜ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ስቲቨን ቻፊና ማይክል ማክዴቪት «ኪድስ ቮቲንግ» የተባለውን የትምህርት ቤት ፕሮግራም አጥንተው ነበር። ልጆቹ ስለ ምርጫ ይማራሉ፣ የቤት ሥራቸው ከወላጅ ጋር መወያየት ነው፣ በምርጫው ቀን ደግሞ የራሳቸውን የልጆች ድምፅ ይሰጣሉ። ውጤቱ ልጆቹ ላይ ብቻ አልቆመም። ወላጆች ጋዜጣ መከታተል፣ ስለ ዕጩዎች ማወቅ ጀመሩ። በተለይ ድሃ ቤተሰቦች ውስጥ። ፖለቲካው ከታች ወደ ላይ ፈሰሰ። ልጅዎ እራት ላይ ያን ጥያቄ ስትጠይቅ የሆነው ይኸው ነው። እርስዎ እስኪጠየቁ ድረስ «እኔ ማን ነኝ?» ብለው አስበው ነበር? ለኔ እንኳ ብዙ አበሻ ወላጅ ፓርቲውን ከልጁ የተማረ ይመስለኛል፤ ልጁ ከሱ ከሚማረው ይልቅ።

ስልኩን እናንሳ። ሚዲያ አሳማኝ ነው ብለን እንፈራለን፤ ግን ከጥንት ጀምሮ ጥናቶቹ የሚሉት ነገር ቀዝቀዝ ያለ ነው። በ1940 ፖል ላዛርስፌልድና ጓደኞቹ ኦሃዮ ውስጥ ኢሪ ካውንቲ ላይ 600 መራጮችን ከግንቦት እስከ ኅዳር በየወሩ እየተመላለሱ ጠየቁ። ያን ሁሉ የሬዲዮና የጋዜጣ ዘመቻ ሰምቶ ከአንዱ ዕጩ ወደ ሌላው የተለወጠው ሰው 8 ከመቶ ገደማ ነበር። ሌላው የሰማው የሚፈልገውን ነው። ወሬውም ብዙውን ጊዜ በቀጥታ አይደርሰውም፤ ጋዜጣ የሚያነብ ጎረቤት አንብቦ ይነግረዋል።

ምንም አያደርግም ማለት ግን አይደለም። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኢታን ካፕላን የፎክስ ኒውስን አመጣጥ ተከትለዋል። ጣቢያው በ1996 ጀመረ፤ እስከ 2000 ድረስ በኬብል የደረሰው ከአሜሪካ ከተሞች ሃያ ከመቶ ገደማ ላይ ብቻ ነበር። የደረሰባቸውና ያልደረሰባቸው ከተሞች ሲነጻጸሩ፣ ጣቢያው ለሪፐብሊካኑ ዕጩ ከ0.4 እስከ 0.7 የመቶኛ ነጥብ ያህል ጨምሮለታል። ትንሽ ነው። ግን በዚያ ዓመት የፕሬዚዳንት ምርጫ ፍሎሪዳ የተወሰነው በ537 ድምፅ ነበር። እንግዲህ አስቡት።

ለልጅ የሚዲያው ትልቁ ጉልበት ሌላ ቦታ ነው ያለው። ቤት ውስጥ የትኛው ጣቢያ እንደሚከፈት ራሱ ምልክት ነው። ስልኳ ላይ የምታየው ቀልድ ደግሞ «እነዚያ» የተባሉት አስቂኝ፣ «እነዚህ» የተባሉት ብልህ መሆናቸውን ይነግራታል። የፓርቲ ፍቅር ሳይሆን የሌላኛውን ፓርቲ ንቀት በደንብ ያስተምራል። ስሙን ግን ስልኩ አይሰጣትም፤ ስም ያላትን ልጅ ነው የሚያገኛት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ። ይቆያል ወይ?

የ1965ቶቹን ልጆች ስናይ፣ በ17 ዓመት የተያዘው ስም እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ በደንብ ይነቃነቃል፤ ከዚያ በኋላ ይረጋል። በ1973፣ ልጆቹ 25 እና 26 ዓመት ሲሆናቸው፣ ከወላጆቻቸው ጋር ያላቸው መመሳሰል ቀንሶ ነበር። ብዙዎቹ ገለልተኛ ነን ብለው ነበር። በመሃል ምን ነበር? ቬትናም ነበረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ፤ ከማውቃቸው ማስረጃዎች ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 ማታ ዋሽንግተን ላይ፣ በቴሌቪዥን እየታየ፣ ለውትድርና ማን ቀድሞ እንደሚጠራ በዕጣ ለመለየት አንድ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ 366 ሰማያዊ የፕላስቲክ ቅርፊቶች ተደረጉ። በያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ የልደት ቀን አለ። መጀመሪያ የወጣው መስከረም 14 ነው። በዚያ ቀን ተወልደህ ዕድሜህ ከ19 እስከ 25 ከሆነ ቁጥርህ 1 ነው፤ መጀመሪያ የምትጠራው አንተ ነህ። በመጨረሻ እስከ 195 ያሉት ተጠሩ። ከዚያ በላይ የወጣለት ተረፈ።

የ1965ቶቹ ልጆች ያኔ 22 ዓመታቸው ነው። ብዙ ኮሌጅ የገቡት ወንዶች እስከዚያ ድረስ በትምህርት ምክንያት ተዘልለው ነበር፤ ያ ጥላ ሊነሳ ደርሷል። ሮበርት ኤሪክሰንና ሎራ ስቶከር ከዓመታት በኋላ፣ በ2011 ባወጡት ጥናት፣ በዚያ የጄኒንግስ መዝገብ ውስጥ የነበሩ የኮሌጅ መሰናዶ ወንዶችን የልደት ቀን ከዕጣው ቁጥር ጋር አገናኙት። ዕጣ ነውና ማን ዝቅተኛ ቁጥር እንደሚደርሰው ከአባቱ ፓርቲ፣ ከሀብቱ፣ ከሰፈሩ ጋር ምንም አይገናኝም። ጥርት ያለ ፈተና ነው። በፈለጉት ጊዜ አይገኝም።

ዝቅተኛ ቁጥር የደረሳቸው፣ ዘመቱም አልዘመቱም፣ ጦርነቱን አምርረው ጠሉ። በ1972 ምርጫ ወደ ዴሞክራቱ ዕጩ አዘነበሉ። በ12ኛ ክፍል የያዙትን የፓርቲ ስምም ከሌሎቹ ይልቅ ጥለውት ተገኙ። ከፍተኛ ቁጥር የደረሳቸው ከአባታቸው የያዙት አብሯቸው ቆየ። እና ይህ ልዩነት በ1997 ገና ይታይ ነበር። ጦርነቱ ካለቀ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሰዎቹ ሃምሳ ሊሞላቸው ነው፤ የዚያች ማታ ቁጥር ገና አቋማቸው ላይ አለ።

ከዚህ ሁለት ነገር ይነበባል። አንደኛ፣ የቤት ስም የማይነቀል አይደለም። ትልቅ ነገር በቀጥታ አንተ ላይ ሲወድቅ ይነቀላል። ሁለተኛ፣ የሚነቀልበት ዕድሜ አለ። ያይር ጊትዛ፣ አንድሩ ጌልማንና ጆናታን አወርባክ የአሜሪካ መራጮችን መረጃ ለብዙ አሥርት ዓመታት አስልተው እንደደረሱበት፣ አንድ ፖለቲካዊ ክስተት በ18 ዓመት ሰው ላይ የሚያሳርፈው ጫና በ40 ዓመት ሰው ላይ ከሚያሳርፈው ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ክብደት ያለው ጊዜ ከ14 እስከ 24 ነው። ልጅዎ ገና በሩ ላይ ናት።

ከዚያ በኋላ የሚያረጋውስ ምንድን ነው? የልጅነት ትዝታ ብቻ አይመስለኝም። በ1930ዎቹ ቴዎዶር ኒውኮምብ ቤኒንግተን ኮሌጅ፣ ቨርሞንት፣ የሴቶች ኮሌጅ ውስጥ ያየው ነገር አለ። በ1936 ምርጫ ገና ከገቡት ተማሪዎች 62 ከመቶ የሪፐብሊካኑ ደጋፊ ነበሩ፤ ልክ እንደ ወላጆቻቸው። ሦስተኛና አራተኛ ዓመቶቹ ዘንድ 15 ከመቶ ገደማ ብቻ ቀርቷል። ኒውኮምብ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ፈልጎ ሲያገኛቸው አብዛኞቹ የኮሌጁን አቋም እንደያዙ ነበሩ። ለምን ሲል፣ ያገቡት ያንኑ የሚያስብ ባል፣ የያዙት ያንኑ የሚያስብ ጓደኛ ሆኖ አገኘው። ስሙ የቆየው በየቀኑ የሚያጸናው ሰው ስላገኘ ነው። ከቤት የወጣችው ልጅም እንደዚያው ናት፦ አብራው የምትኖረው ሰው የቤቷን ስም ካጸናላት ይቆያል፣ ካላጸናላት ይላላል።

አንድ ተቃራኒ የሚመስል ነገርም ልጨምር። «እንግዲያው አሁን ቁጭ አድርጌ ላስተምራት» የሚሉ ካሉ፣ ኤሊያስ ዲናስ በ2014 ያሳየውን ይስሙ። ፖለቲካ አጥብቀው የሚያወሩ ወላጆች ልጆች ቀድመው የወላጅን ፓርቲ ይይዛሉ። ግን ከቤት ሲወጡ ቀድመው የሚለቁትም እነሱ ናቸው። ምክንያቱም ፖለቲካን እንዲከታተሉ ተምረዋል፤ የሚከታተል ሰው ደግሞ አዲስ ነገር ሲያገኝ ያስባል። ዝም ያለ ቤት የሰጠው ስም ቀጭን ነው፤ ግን ብዙም የሚነካው የለም።

የእኛ ቤቶች የሚለዩበት ሌላ ቦታ አለ፤ እሱም ፎርሙ ነው። ሜሪላንድ መራጭ ሲመዘግብ ፓርቲህን ምረጥ የሚል ሳጥን አለው። ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ቨርጂኒያ ይህ ሳጥን የለም። ሜሪላንድ ላይ ባዶ ከተዉት ወይም «የየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም» ካሉ፣ የዴሞክራቱንም የሪፐብሊካኑንም ፕራይመሪ መምረጥ አይችሉም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ላይ ደግሞ ብዙው ወንበር የሚለየው በዴሞክራቶቹ ፕራይመሪ ነው። ብዙ ወገን ከዜግነት ሥነ ሥርዓቱ ሲወጣ ያን ሳጥን በ«ፖለቲካና ኮረንቲ» መንፈስ ባዶ ትቶ ያልፋል። ከዚያ ወሳኙን ድምፅ ሳይሰጥ ይቀራል፤ ከጊዜ በኋላ «የኛ ድምፅ ምን ዋጋ አለው» ይላል። ልጁም ያንን ትሰማለች። ይህ ደግሞ ከየትኛውም የፓርቲ ስም በላይ ይወረሳል።

እሷ 16 ስትሞላ ሜሪላንድ አስቀድማ እንድትመዘገብ ይፈቅድላታል። መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ስትሄድ ሊጠይቋት ይችላሉ። ሳጥኑ ፊቷ ይመጣል። ያኔ «እኛ» የሚለው ቃል ወደ «እኔ» ይለወጣል። ከእርስዎ ቤት ትንሽ ርቆ ታኮማ ፓርክ ውስጥ ብትኖሩ ደግሞ በከተማው ምርጫ በ16 ዓመቷ ድምፅ ትሰጥ ነበር፤ ከተማው ይህን ከ2013 ጀምሮ ያደርገዋል።

እስከዚያ አንድ ነገር ይሞክሩ። አንድ እሑድ፣ ቡና ሲፈላ፣ ሦስታችሁም አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት ያዙ። እርስዎ የትኛው ፓርቲ እንደሚቀርብዎ ይጻፉ፤ ምንም ካልሆነም «ምንም» ይበሉ። እናቷም ትጻፍ። ልጅዎ ደግሞ ሦስት ነገር ትጻፍ፦ አባቷ የትኛውን እንደጻፈ፣ እናቷ የትኛውን እንደጻፈች፣ ሁለቱ ፓርቲዎች በምን እንደሚለያዩ። ሳትነጋገሩ። ከዚያ ወረቀቱን ግለጡ።

የሁለታችሁንም በትክክል ከጻፈች ስሙ ከእናንተ ሄዷል፤ ሳታወሩም ቢሆን። የሁለታችሁንም ከሳተች ግን «እኛ» ያለችው እናንተን አይደለም። የትምህርት ቤት ጓደኞቿን፣ ሰፈሩን ወይ ስልኳን ነው፤ «በምን ይለያያሉ» ለሚለው የጻፈችው መልስ የማን ቃል እንደሆነ ካዳመጡ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይለዩታል። አንዱን አግኝታ አንዱን ከሳተች ደግሞ ቤት ውስጥ ማን ሲተነፍስ እንደምትሰማ አወቁ ማለት ነው።